«ያድግበታል» ስንት ሴንቲሜትር ነው? የልጆችን ልብስ በቁመት ስለመግዛት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። እናት ትገባለች፣ አንዱን ሱሪ ታነሳለች፣ «የስድስት ዓመት አለሽ?» ትለኛለች። «ቁመቱ ስንት ነው?» ስላት ግራ ይገባታል። ከዚያ እጇን ወገቧ አጠገብ ታደርግና «እዚህ ጋ ይደርሰኛል» ትላለች። እውነቱን ለመናገር ያ እጅ ከስድስት ዓመቱ የበለጠ ይነግረኛል። ከዚህ በታች ያሉት ሱቅ ውስጥ በየቀኑ የምጠየቃቸው ናቸው።

ሁሉም ሻጭ ዕድሜ ነው የሚጠይቀው። አንቺ ለምን ቁመት ትያለሽ?

ልብሱ ዕድሜ አያውቅም። የሚያውቀው ርዝመት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ሠንጠረዥ ላይ አምስት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ አማካይ ቁመት 109 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ግን ጤነኛ ሆነው ከ100 እስከ 119 የሚደርሱ አሉ። እንግዲህ በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ቆመው በመካከላቸው ሦስት የልብስ ቁጥር ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሁለቱንም «የአምስት ዓመት» ብለን አንድ ዓይነት ቀሚስ ብንሰጣቸው አንዷን ይጠብባታል፣ አንዷ ትዋኝበታለች።

ሌላም ጣጣ አለ። እኛ ዕድሜ ስንናገር ራሱ አንድ ዓይነት አይደለንም። አንዷ «ስድስት ዓመቱ ነው» ስትል ስድስት ሞልቶት ሰባተኛውን ይዟል ማለቷ ነው። ሌላዋ ደግሞ አምስት ጨርሶ ስድስት ገባ ማለቷ ነው። የአንድ ዓመት ልዩነት በዚህ ዕድሜ ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ነው። ይህ ደግሞ አንድ ሙሉ የልብስ ቁጥር ነው። ልብሱን የሰፋው ፋብሪካም «ስድስት ዓመት» ያለው የራሱን አገር ልጆች አስቦ ነው። የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ ከዚያ ልኬት አጠር ስለሚሉ በዕድሜ የተገዛ ልብስ ሰፍቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ልብሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ማለት ነው?

አንገትጌው ውስጥ ወይም የጎን ስፌቱ ላይ ያለችውን ትንሽ ጨርቅ እዩ። ሱቃችን ውስጥ በብዛት የሚመጡት ሦስት ዓይነት ናቸው።

የአውሮፓው 98፣ 104፣ 110፣ 116፣ 122፣ 128 እያለ ይሄዳል። ይህ በቀጥታ የልጁ ቁመት ነው፣ በሴንቲሜትር። በየ6 ሴንቲሜትሩ ይዘላል። 116 የሚለው ከ111 እስከ 116 ለሚደርስ ልጅ ነው ብላችሁ ያዙት።

የቱርኩ ብዙ ጊዜ በዕድሜ ይጽፋል። 5-6 ብሎ «ያሽ» የሚል ቃል ይከተለዋል፣ ዕድሜ ማለት ነው። ነገር ግን ከሥሩ ወይም ከጀርባው በትንሹ 116 የሚል ቁጥር ይገኛል። እሱን ፈልጉ፣ ዕድሜውን ተዉት።

የቻይናው 110/56 ይላል። የመጀመሪያው ቁመት ነው። ሁለተኛው ለላይ ልብስ ሲሆን ደረት፣ ለሱሪ ሲሆን ወገብ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የቻይናው በመካከለኛ ዕድሜ የሚዘለው በ10 ሴንቲሜትር ነው፦ 100፣ 110፣ 120። ስለዚህ በአውሮፓው «አንድ ቁጥር ከፍ አድርጊልኝ» ማለት የአንድ ዓመት እድገት ነው። በቻይናው ግን ወደ ሁለት ዓመት ይጠጋል። ሰዎች ይህን ሳያውቁ አንድ ከፍ አስደርገው ይገዙና ሰፋብን ብለው ይመለሳሉ።

ቁጥሩ 7፣ 9፣ 11 ብቻ ሆኖ ምንም ማብራሪያ ከሌለው አትመኑት። ዕድሜም ላይሆን ይችላል። ሜትር አውጥታችሁ ለኩ።

ቁመቱን ቤት ውስጥ እንዴት ልለካ?

ግድግዳ፣ እርሳስ፣ ወፍራም መጽሐፍና የአናጢ ሜትር ይበቃል። የልብስ ሰፊው ለስላሳ ሜትር ሲያረጅ ይለጠጣል፣ ለቁመት አልወደውም።

ልጁ ጫማውን አውልቆ ተረከዙን፣ መቀመጫውንና ትከሻውን ግድግዳ አስነክቶ ይቁም። ፊት ለፊት ይመልከት። ሽቅብ ካየ ልኬቱ ይበላሻል። መጽሐፉን አናቱ ላይ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ቀጥ ብሎ እስኪያርፍ ተጫኑና ከሥሩ በእርሳስ አስምሩ። ልጁ ይሂድ፣ እናንተ ከወለሉ እስከ መስመሩ ለኩ። ሁለቴ አድርጉት። ልዩነቱ ከግማሽ ሴንቲሜትር ከበለጠ ሦስተኛ ድገሙ።

የሴት ልጅ ሹሩባ ያታልላል። አናቷ ላይ የተከመረ ሹሩባ 2 ሴንቲሜትር ሊጨምር ይችላል። ፀጉሯ በተፈታ ቀን ለኩ። ሰው ጠዋት ከማታ በ1 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚረዝም ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ብትለኩ ጥሩ ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላውን ግን አስተኝታችሁ ለኩ።

መስመሩ አጠገብ ቀኑን ጻፉበት። ከስድስት ወር በኋላ ስትለኩ ሁለቱ መስመሮች የልጃችሁን ፍጥነት ይነግሯችኋል። ከአራት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በዓመት ከ5 ሴንቲሜትር በታች ካደገ የልብስ ጉዳይ አይደለም፣ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ አሳዩት።

እሺ፣ ለእድገቱ ስንት ልተውለት?

ሻጭ ሁሉ «አብሽሪ፣ ያድግበታል» ይላል። እኔም እላለሁ። ግን በስንት ጊዜ?

ልጅ ከተወለደ እስከ አንድ ዓመቱ 25 ሴንቲሜትር ገደማ ያድጋል። በሁለተኛው ዓመት ወደ 12 ይወርዳል። በሦስተኛው 8 አካባቢ ይሆናል። ከአራት ዓመት ጀምሮ እስከ ጉርምስና ድረስ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሴንቲሜትር ነው። ይህን የመጨረሻውን «በወር ግማሽ ሴንቲሜትር» ብላችሁ ያዙት። ሒሳቡ ቀላል ይሆናል።

ከዚያ ልብሱን ስንት ወር ላለብሰው ነው ብላችሁ ጠይቁ። የዛሬ ቁመቱ ላይ የዚያን ጊዜ እድገት ደምሩ። ከመስከረም እስከ ሰኔ የሚለበስ ዩኒፎርም 10 ወር ነው፣ 5 ሴንቲሜትር። ለአንድ ክረምት የሚሆን ጃኬት 1 ወይም 2 ሴንቲሜትር። ድምሩ ሁለት ቁጥሮች መሃል ካረፈ ካፖርትና ሱሪ ላይ ትልቁን፣ ከነቴራና ሸሚዝ ላይ ትንሹን እመርጣለሁ።

አንድ ገደብ አለኝ። ከዛሬ ቁመቱ በ10 ሴንቲሜትር የሚበልጥ ቁጥር አልሸጥም። እንዲያ ያለው ልብስ ርዝመቱ ቢታጠፍ እንኳ ትከሻው አይታጠፍም። ይህን ስል ገበያ የሚሄድብኝ ጊዜ አለ። ይሂድ። ተመልሶ የሚመጣ ልብስ ይበልጥ ያደክመኛል።

ዘመድ ከውጭ ሊልክልን ነው። ምን ብለን እንንገረው?

ይህን በራሳችን ቤት ነው የተማርኩት። እህቴ ዓረብ አገር ትሠራለች። ኮምቦልቻ ላለችው የሌላ እህታችን ልጅ ልብስ ልትልክ በኢሞ ደውላ «ስንት ዓመቷ ነው?» አለችኝ። «ሰባት» አልኳት። እሷ ደግሞ «እንዳይጠባት» ብላ የስምንት ዓመቱን ገዛች። ቁጥሩ 128 ነበር። ልጅቷ ያኔ ቁመቷ 113 ነው።

ልዩነቱን አስቡት፣ 15 ሴንቲሜትር። በወር ግማሽ እያለች ሁለት ዓመት ተኩል ይፈጅባታል። ካፖርቱን ስትለብሰው የትከሻው ስፌት ክንዷ መሃል ላይ ወረደ። እጅጌው ጣቶቿን ዋጠ። ሱሪው እግሯ ላይ 9 ሴንቲሜትር ተረፈው። ልጅቷ መስታወት ፊት ቆማ እጇን እያወዛወዘች ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ካፖርቱ ግን ሳጥን ገባ። ሁለት ዓመት አልፎ ሲወጣ ዚፑ አልሄድ አለ። ጥፋቱ የእህቴ አይደለም። ቁመቷን መናገር ሲገባኝ ዕድሜዋን የነገርኳት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ጊዜ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «ቁመት 113፣ ደረት 57፣ ወገብ 53፣ ከሱሪ መሃል እስከ ቁርጭምጭሚት 50። ካፖርትና ሱሪ 122፣ ከነቴራ 116 ግዢ።» ለምን እንዲህ እንዳልኩ ላስረዳ። ዕቃው እስኪደርስ ሁለት ወር ቢፈጅ 114 ትሆናለች። ከዚያ ለ10 ወር ብትለብሰው 119። ካፖርት 122 ከዛሬ ቁመቷ በ9 ይበልጣል፣ ገደቤ ውስጥ ነው። ሱሪው 122 ስለሆነ እግሩ 55 ገደማ ይሆናል። 5 ሴንቲሜትሩን ወደ ውስጥ እናጥፈዋለን። ከነቴራው ግን ቶሎ ያልቃል፣ እስኪያልቅ ድረስ ቢበቃት ይበቃል።

ቁጥሮቹን በድምፅ ሳይሆን በጽሑፍ ላኩ። ቀኑንም ጻፉ። የሰኔን ልኬት ይዘው ጥር ላይ የሚገዙ አሉ።

ትርፉ የት ላይ ይሁን?

መታጠፍ የሚችል ቦታ ላይ። የሱሪ እግር፣ የእጅጌ ጫፍ፣ የቀሚስ ታች ይታጠፋሉ፣ ይለቀቃሉ። ትከሻ፣ የብብት ቀዳዳና የሱሪው መሃል ግን የተቆረጡበት ላይ ይቀራሉ። ልብስ ሰፊ ሊያስተካክላቸው ከሞከረ መልሶ መስፋት ነው፣ ዋጋው ከአዲስ ልብስ ብዙ አያንስም።

ስለዚህ የላይ ልብስ ስትሞክሩ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ስፌቱ ከትከሻ አጥንቱ 2 ሴንቲሜትር ቢወርድ ችግር የለም። ከዚያ ካለፈ ልጁ እጁን ሲያነሳ ልብሱ በሙሉ አብሮ ይነሳል። እጁን ሽቅብ አንሳ በሉት። ሆዱ ከታየ አጥሯል፣ አንገቱ ከተዋጠ ሰፍቷል።

ሱሪ ላይ ደግሞ ይህን እወቁ። ልጅ በዚህ ዕድሜ ሲያድግ ግማሹ ወይም ትንሽ በለጥ የሚለው እግሩ ላይ ነው። 6 ሴንቲሜትር ሲረዝም የሱሪው እግር 3 ገደማ ያጥረዋል። ወገቡ ግን ብዙ አይለወጥም። ለዚህ ነው አምና የገዛችሁለት ሱሪ ወገቡ ልክ ሆኖ ቁርጭምጭሚቱ የሚታየው። ስለዚህ ቁጥር ከፍ ስታደርጉ ወገቡ ይሰፋል። መፍትሔው ከውስጥ ቀዳዳ ያለው ላስቲክና ቁልፍ የተደረገበት ሱሪ ነው። እየጠበበ እየሰፋ ሁለት ዓመት ይሄዳል። በቀበቶ ጠፍሮ ማሰር ጨርቁን ፊት ለፊት ያከማቻል፣ ልጁም ሽንት ቤት ሲሄድ ይቸገራል።

ገበያ ላይ ሱሪውን አንገት ላይ ጠምጥሞ መለካት የተለመደ ነው። ጫፍና ጫፉ ከተገናኘ ወገቡ ልክ ነው ይባላል። ለትልቅ ልጅ ብዙም አይሳሳትም። ግን ስለ እግሩ ርዝመት ምንም አይነግራችሁም። የሚበቃውን ሱሪ እግር በሲባጎ ለክታችሁ ቋጥራችሁ ያዙ። ባቲ ሰኞ ገበያ ልጁን ይዞ ከመዞር ሲባጎዋን ይዞ መዞር ይሻላል።

ዩኒፎርም ልብስ ሰፊ ጋ ሳሰፋስ?

እዚህ ትልቁ ስህተት መታጠብን መርሳት ነው። ያልታጠበ የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ እስከ 5 በመቶ ሊሰበሰብ ይችላል። የ50 ሴንቲሜትር እግር 2 ሴንቲሜትር ተኩል አጠረ ማለት ነው። ይህ የልጁ እግር በ10 ወር የሚያድገውን ያህል ነው። መስከረም ላይ ልክ ሆኖ የተሰፋ ሱሪ ጥቅምት ሳይወጣ ያጥራል። ሰዉ «ይኼ ልጅ እንዴት ነው የሚያድገው!» ይላል። ልጁ ብዙ አላደገም፣ ሱሪው ነው የተሰበሰበው።

ስለዚህ ጨርቁን ከገዛችሁ በኋላ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ነክራችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ከዚያ ለልብስ ሰፊው ስጡ። ቴትሮን ከሆነ ብዙ አይሰበሰብም፣ መንከሩን ብትተዉትም ይሆናል።

ልብስ ሰፊውን እንዲህ በሉት፦ «እግሩ ላይ 6 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ይቅር፣ እጅጌው ላይ 4። በሰፊው ስፌት አሲዝልኝ።» ሰፊ ስፌት ያልኩት ለመፍታት እንዲመች ነው። አንዳንዱ ጨርቅ ቆጥቦ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ይተዋል። ስትረከቡ ገልብጣችሁ እዩ።

ታጥፎ የቆየ ጨርቅ ሲለቀቅ መስመር ይታያል። መስመሩ የመታጠፊያ ብቻ ከሆነ ኮምጣጤ በውኃ በጥብጣችሁ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ብትተኩሱት ይጠፋል። ቀለሙ ለቅቆ ከሆነ ግን አይጠፋም። ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ላይ ይህ በጣም ይታያል። እጥፋቱን በየአራት ወሩ ጥቂት በጥቂት ብትለቁት መስመሩ አንድ ቦታ አይጠልቅም።

የበዓል ልብስስ? ለአንድ ቀን ነው ብዬ በልኩ ልግዛ?

የሚለበሰው ለአንድ ቀን ብቻ ከሆነ አዎ። እኛ ጋ ግን ለኢድ የተገዛው ለአረፋም ይለበሳል፣ ለገና የተገዛው ለፋሲካም ይደርሳል፣ መሃል ላይ ሰርግ አለ። ስለዚህ ትንሽ ትርፍ ያስፈልጋል።

ጀለቢያ ቀላል ነው። ታቹን 5 ወይም 6 ሴንቲሜትር አሳጥፉት። ቁርጭምጭሚት ላይ ይቁም። መሬት የሚነካ ጀለቢያ የለበሰ ልጅ ደረጃ ላይ ሲሮጥ ይደናቀፋል።

የሐበሻ ቀሚስ ግን ሌላ ነገር ነው። ጥለቱ ታች ጫፍ ላይ ስለሆነ ከሥር ካጠፋችሁት ጥለቱ ይደበቃል። ሸማኔውም ሰፊውም ደከሙ፣ እናንተ ግማሹን ቀበራችሁት። ለዚህ ያለው ዘዴ እጥፋቱን ከጥለቱ በላይ ማድረግ ነው። ሰፊው ቀሚሱን ከወገቡ በታች ዙሪያውን 4 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ይይዘዋል፣ ከላይ መቀነቱ ይሸፍነዋል። ልጅቷ ስታድግ ይፈታል፣ ጥለቱ እንዳለ ወደ ታች ይወርዳል። ስታዙ «ርዝመቱን የምታድግበት አድርግና ወገቧ ላይ ያዝልኝ» ማለት ነው። አንዲት ደንበኛዬ በዚህ መንገድ አንድ ቀሚስ ለልጇ ሦስት ፋሲካ አለበሰችበት።

አራስ ልጠይቅ ነው። ምን ቁጥር ልግዛ?

74 ወይም 80። አይሳቁብኝ።

ሕፃን 50 ሴንቲሜትር አካባቢ ሆኖ ይወለዳል። ዓመቱን ሲደፍን 75 ደርሷል። በዚያ ዓመት ውስጥ 56፣ 62፣ 68፣ 74 እያለ አራት ቁጥር ይዘላል። አራስ ቤት የሚመጣው ሁሉ ግን 56 ይዞ ይመጣል፣ ትንሽና የምታምር ስለሆነች። እናትየው ጋ አሥር ትናንሽ ልብስ ይከመራል፣ ልጁ በሁለት ወሩ አንዱንም አይለብስም። ሕፃኑ ሰባት ስምንት ወር ሲሆን ወቅቱ ምን እንደሚሆን ቆጥራችሁ ግዙ። ሚያዝያ ላይ ለተወለደ ልጅ 74 ሹራብ ብትገዙ የሚደርስለት ለኅዳርና ታኅሣሥ ብርድ ነው። ደሴ ላይ እናትየው ትመርቃችኋለች።

ሰልባጅ ላይም ይህ ይሠራል?

ይሠራል፣ እንዲያውም በአንድ ነገር ይሻላል። ቦንዳ የወጣ ልብስ ብዙ ጊዜ ታጥቧል። የሚሰበሰበው ተሰብስቦ አልቋል። እጃችሁ ላይ ያለው ርዝመት የመጨረሻው ርዝመት ነው። ግን ለዚሁ ሲባል ምልክቱን አትመኑ። 122 የሚለው አሁን 116 ሆኖ ይሆናል። የሲባጎዋን ቋጠሮ ተጠቀሙ። የታጠፈ ጨርቅ እንዳለውም ገልብጡ፣ የፊተኛው ባለቤት ሳይለቅቀው የቀረ 3 ሴንቲሜትር አንዳንዴ ይገኛል።

ደሴና ኮምቦልቻ ልዩነት አለው?

በመኪና ቅርብ ናቸው፣ ብርዱ ግን ሌላ ነው። ደሴ ጠዋት ልጅ ከነቴራ፣ ሹራብ፣ ጃኬት ደርቦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ጃኬት ሲሞከር ሹራቡን ለብሶ ይሁን። እኔ ሱቅ ውስጥ ቀለል ባለ ከነቴራ የመጣ ልጅ ጃኬት ልክ ሆኖት ሄዶ በማግሥቱ ክንዱ አልገባ ብሎት ይመለሳል። ኮምቦልቻና ባቲ ይህ ጣጣ የለም። እዚያ ለመደራረቢያ የሚተው ቦታ ስለሌለ ለእድገቱ ብቻ አስቡ።

ሰፊ ልብስ ምን ጉዳት አለው? ሰፋ ቢል ይሻላል እንጂ።

ሰፋ ያለና የሚዋጥ ይለያያል። በጣም የምፈራው እጅጌ ነው። ቡና ተፈልቶ ከሰል ማንደጃው መሬት ላይ ነው። ልጁ ፈንዲሻ ሊያነሳ ይዘረጋል። የተንዘላዘለ እጅጌ ከጣቱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ፖሊስተር ከሆነ ደግሞ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። እጅጌ መዳፍ ካለፈ ዛሬውኑ አጥፋችሁ በመርፌ ያዙት። መጠቅለል ብቻ አይበቃም፣ ሲሮጥ ይፈታል።

ከአንገት የሚንጠለጠል የኮፍያ ገመድም አውጡት። ትልቅ ቁጥር ላይ ገመዱ አብሮ ይረዝማል፣ በር እጀታና ብስክሌት ላይ ይያዛል።

ልጄ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሒሳቡ ሳይሠራ ቀረ።

የወር ግማሽ ሴንቲሜትሩ እስከ ጉርምስና ነው ብያለሁ። ሴቶች ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 12፣ ወንዶች ከ12 እስከ 14 አካባቢ ባለው ጊዜ በአንድ ዓመት 8፣ 9 ሴንቲሜትር ሊመዘዙ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ ለዓመት አትግዙ። በየሦስት ወሩ ለኩ፣ ለስድስት ወር ግዙ። ደረትና ዳሌም ስለሚለወጥ ቁመት ብቻውን አይበቃም። ልጅቷን ራሷን ይዛችኋት ኑ፣ ምርጫዋንም ስሙ። እናቷ የወደደችውን የማትለብስበት ዕድሜ ነው።

ጫማስ?

ጫማ ከቁመት ጋር አይገናኝም። እግሩን ወረቀት ላይ አስቁማችሁ አስምሩ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት 1 ሴንቲሜትር ይተርፍ። ከዚያ በላይ ተረከዙ ይወጣል። ማታ ለኩ፣ እግር ቀኑን ውሎ ያብጣል። ጨርቅ ፊቱ ላይ ጠቅጥቆ «ያድግበታል» የሚባለውን ግን አልስማማበትም። እጅጌ ይታጠፋል፣ ጫማ አይታጠፍም።